መልስ ወላጁን እንዴት ያገኛል



የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በእጁ ገብቶ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከላይ «ቁጥር» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ «ቀን» ይከተላል፤ ወረድ ብሎ «ጉዳዩ፦» ይመጣል። መልስ የሚጽፈው ወገን ደግሞ በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን ለጻፋችሁልን ደብዳቤ ብሎ ይጀምራል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ያንን ቁጥር አይታ ትክክለኛውን ፋይል ታወጣለች። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚለውን ብቻ ይዛ ፍለጋ ብትገባ ግን ትብብር የጠየቀው ሁሉ ይደረደርባታል። ኢሜይልም የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ መልስም መልስ የሆነለትን ቁጥር ይጠቅሳል። ልዩነቱ እነዚህ መስመሮች ከዓይናችን የተሰወሩ መሆናቸው ነው። እኛ የምናየው ጉዳዩን ብቻ ስለሆነ፣ መልእክቶቻችንን አንድ ላይ የሚያስራቸው ጉዳዩ ይመስለናል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ አስተሳሰብ ለምን ስሕተት እንደሆነ፣ በተለይም በአማርኛ ለምንጻጻፍ ሰዎች ለምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

የተሰወሩትን መስመሮች ማየት ቀላል ነው። ጂሜይል በኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ፣ በመልእክቱ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ `Show original` የሚለውን ምረጡ። ተንደርበርድ የምትጠቀሙ ከሆነ መልእክቱን ከፍታችሁ `Ctrl+U` መጫን ነው። ከጽሑፉ በላይ የተደረደሩት መስመሮች ራስጌ ይባላሉ። ብዙዎቹ ለዛሬ አያስፈልጉንም። የምንፈልጋቸው ሦስት ናቸው፤ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ እድር አለ እንበል። አባላቱ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ፍራንክፈርትም ይኖራሉ፤ ኮሚቴው የሚወያየው በኢሜይል ነው። ሰብሳቢዋ ስለ ዓመታዊው ስብሰባ ጻፈች። ገንዘብ ያዡ ለእሷ መለሰ። ጸሐፊው ደግሞ ለገንዘብ ያዡ መለሰ። የጸሐፊውን መልእክት ራስጌ ብንከፍት ከሌሎች መስመሮች መካከል እነዚህን እናገኛለን፦

```
Message-ID: <ts3@example.com>
In-Reply-To: <gy2@example.net>
References: <sb1@example.org> <gy2@example.net>
```

የመጀመሪያው መስመር የዚህ መልእክት የራሱ መለያ ነው። በእውነተኛ መልእክት ላይ ከዚህ በጣም የረዘመ ሆኖ ነው የምታገኙት፤ እኔ ለንባብ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ። ቅርጹ ሁልጊዜ አንድ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ይታሰራል፣ መሐሉ ላይ `@` አለው፣ በስተቀኝ አብዛኛውን ጊዜ የላኪው ፕሮግራም ወይም ሰርቨር ያለበት የዶሜይን ስም ይቀመጣል። ኢሜይል አድራሻ ይመስላል እንጂ አድራሻ አይደለም፤ ወደዚያ ደብዳቤ ቢላክ የሚደርሰው ሰው የለም። መለያው በዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ይህን የሚቆጣጠር ማዕከል ግን የትም የለም። የሚሠራው በክፍፍል ነው፤ በስተቀኝ ያለው ስም ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች እንዳይጋጩ ያደርጋል፤ በስተግራ ያለውን ደግሞ ፕሮግራሙ ከሰዓቱና በዕጣ ከወጣ ቁጥር አቀናብሮ ራሱ እንዳይደግመው ይጠነቀቃል። ለአንድ ሥርዓት የተጻፈ ፕሮግራም ለሚልከው ሁሉ አንድ ዓይነት መለያ ቢያትም፣ ተቀባዩ ዘንድ ሁለተኛው መልእክት የመጀመሪያው ቅጂ ተደርጎ ሊታይና ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

ሁለተኛው መስመር ወላጁን ይጠቅሳል። ጸሐፊው የመለሰው ለገንዘብ ያዡ ስለሆነ የገንዘብ ያዡ መልእክት መለያ እዚያ ተቀምጧል። ሦስተኛው የዘር ሐረጉን በሙሉ ይይዛል፤ መጀመሪያ የሰብሳቢዋ፣ ቀጥሎ የገንዘብ ያዡ። የአሠራሩ ደንብ አጭር ነው። መልስ ስትሰጡ ፕሮግራማችሁ የወላጁን `References` እንዳለ ይገለብጣል፣ ከጫፉ ላይ የወላጁን `Message-ID` ይጨምራል። ይኸው ነው። ሁሉም ፕሮግራም ይህን አንድ ሥራ በታማኝነት ከሠራ፣ ማንኛውም መልእክት ከየት እንደመጣ በራሱ ይዞ ይጓዛል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ወላጁን የሚጠቅስ መስመር ካለ ሙሉው የዘር ሐረግ ለምን አስፈለገ? ልጅ አባቱን፣ አባት አያቱን ካወቀ ሰንሰለቱ በራሱ አይሟላም ወይ? ይሟላል፤ ሁሉም መልእክት በእጃችሁ ካለ። ሁሉም በእጃችን የማይኖርበት ጊዜ ግን ከምናስበው በላይ ብዙ ነው። ውይይቱ መሐል ላይ የተጨመረ ሰው አለ። አንዱን መልእክት የሰረዘ አለ። አንዱ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር የገባበት አለ። አንዳንዴም መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይደርሳል፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚመጡ አንዱ ሰርቨር ላይ ሊዘገይ ይችላል።

ወደ እድራችን እንመለስ። ፍራንክፈርት ያለችው አባል ዘግይታ ነው የተጨመረችው። የሰብሳቢዋ የመጀመሪያ መልእክት አልደረሳትም፤ የገንዘብ ያዡም አልደረሳትም። የደረሷት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው አሁን ያየነው የጸሐፊው መልእክት ነው። ሁለተኛው የምክትል ሰብሳቢው ነው፤ እሱ በቀጥታ ለሰብሳቢዋ ስለመለሰ `References` መስመሩ ላይ ያለው `<sb1@example.org>` ብቻ ነው። የእኅታችን ፕሮግራም እነዚህ ሁለቱ የአንድ ውይይት አካል መሆናቸውን ማወቅ ይችላል? ወላጅን ብቻ የሚጠቅሰውን መስመር ብናነብ አይችልም። አንዱ «ወላጄ gy2 ነው» ይላል፤ ሌላው «ወላጄ sb1 ነው» ይላል፤ gy2 የ sb1 ልጅ መሆኑን የሚናገረው መልእክት ደግሞ እሷ ዘንድ የለም። ሁለት የተለያዩ ውይይቶች ሆነው ይቀመጣሉ። የዘር ሐረጉን ካነበብን ግን የጸሐፊው መልእክት ራሱ sb1 ከ gy2 በፊት እንደነበረ ይመሰክራል። ሁለቱም መልእክቶች sb1 የሚባል፣ እሷ ያላየችው አንድ ሥር አላቸው።

ፕሮግራሙ ይህን በተግባር እንዴት ይሠራዋል? በሰፊው የታወቀውን ዘዴ የጻፈው ጄሚ ዛዊንስኪ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ ውስጥ ሲሠራ ለደብዳቤና ለዜና ማንበቢያው ያዘጋጀው ነው፤ በኋላም ዘዴውን ማንም እንዲጠቀምበት ዘርዝሮ በይፋ አወጣው። በ2008 የወጣው RFC 5256፣ ማለትም ሰርቨሩ ራሱ መልእክቶችን በውይይት አደራጅቶ እንዲያቀርብ የሚደነግገው ሰነድ፣ ያስቀመጠው አንዱ ስልት በዚሁ በእሱ ዘዴ ላይ የቆመ ነው። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው ባዶ ቦታን ስለሚያከብር ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መለያ አንድ መያዣ ያዘጋጃል። መልእክቱ ይኑርም አይኑርም፣ የመለያው ስም አንድ ቦታ ላይ ከተጠቀሰ መያዣ ይሠራለታል። የጸሐፊውን መልእክት ሲያነብ ለ ts3 መያዣ ሠርቶ መልእክቱን ያስገባበታል። ቀጥሎ የዘር ሐረጉን ያነባል፤ ለ sb1 ባዶ መያዣ፣ ለ gy2 ሌላ ባዶ መያዣ ይሠራል። ከዚያ በቅደም ተከተላቸው ያያይዛቸዋል፤ gy2 የ sb1 ልጅ፣ ts3 የ gy2 ልጅ። የምክትሉ መልእክት ሲመጣ sb1 የሚባል መያዣ አስቀድሞ ስላለ አዲስ አይሠራም፤ መልእክቱን እዚያው ሥር ያስቀምጠዋል። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አስቀድሞ የተያያዘውን አይበጥስም፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው የተቆራረጠ የዘር ሐረግ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲሁም ማያያዙ ክብ የሚፈጥር ከሆነ፣ ማለትም አያቱ ተመልሶ የልጅ ልጁ ልጅ የሚሆን ከሆነ፣ ያንን ማያያዝ ይተወዋል። የተበላሸ ራስጌ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ ፕሮግራሙ ማለቂያ በሌለው ዙር እንዳይያዝ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ሁሉም ከተነበበ በኋላ ባዶዎቹ ይታያሉ። gy2 ባዶ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ አለው። ስለዚህ ባዶው መያዣ ይወጣና ልጁ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ በቀጥታ sb1 ሥር ይገባል። sb1ም ባዶ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ልጆች አሉት፤ እሱ ራሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያለ ነው። እሱን ብናወጣው ሁለቱ ልጆች ተለያይተው የየራሳቸው ውይይት ሊሆኑ ነው። ስለዚህ ይቆያል። እኅታችን ማያዋ ላይ ሁለቱን መልእክቶች በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ታያቸዋለች። ነገ ሰብሳቢዋ የመጀመሪያውን መልእክት ብትልክላት ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ገብቶ ይሞላዋል እንጂ ምንም ነገር አይፈርስም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ቀን አልተነሣም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለመወሰን የመልእክቱ ቀን አይጠየቅም። ቀን የሚያገለግለው ወንድማማቾቹን ለመደርደር ብቻ ነው። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በመልእክቱ ላይ የሚታተመው ቀን የላኪው መሣሪያ የነገረን ነው፤ የውስጥ ባትሪው ያለቀበት የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በቀን ብንመራ ኖሮ እንዲህ ካለ ኮምፒውተር የመጣ መልስ ከጥያቄው በፊት ተቀምጦ እናገኘው ነበር።

ይህ ንጹሕ ሥርዓት ከመጀመሪያውም እንዲህ አልነበረም። በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ፣ RFC 822፣ ወላጅን የሚጠቅሰውን መስመር ቢያውቀውም፣ መለያ ብቻ እንዲይዝ አላስገደደም ነበር። «በዚህ ቀን ለጻፍከው መልእክት» የሚል ልቅ ዐረፍተ ነገርም መቀመጥ ይችል ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሰው ያነበዋል፤ ፕሮግራም ግን ከዚያ ውስጥ መለያ ለማውጣት ይቸገራል። የዘር ሐረጉን በደንብ መያዝ የለመደው ዩዝኔት የሚባለው የዜና መለዋወጫ መረብ ነው፤ ኢሜይሉ ልማዱን ከእሱ ወሰደ። በ2001 በ RFC 2822፣ በኋላም በ2008 በ RFC 5322 ደንቡ አሁን ያየነውን ቅርጽ ያዘ። ያም ሆኖ ዛሬም ሰነዱ መለያ መኖር «ይገባዋል» ይላል እንጂ «ግድ ነው» አይልም። መለያ የሌለው መልእክት ሕጋዊ መልእክት ነው። ዛዊንስኪም ይህን ያውቅ ስለነበር፣ የዘር ሐረግ ከጠፋ ወላጁን በሚጠቅሰው መስመር ውስጥ መለያ የሚመስል ነገር እንዲፈለግ፣ ያም ከጠፋ በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ እንዲሄድ አደረገ።

ጉዳዩ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። በእሱ ዘዴ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ወላጅ ባልተገኘላቸው ላይ ብቻ ነው። «Re:» የሚለው ይቆረጣል፤ የቀረው ጽሑፍ ይነጻጸራል፤ እኩል ከሆነ አንድ ውይይት ይሆናል። ይህ ግምት ነው። ለእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይሰምራል። በአማርኛ ግን አራት ቦታ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ፤ ሁለቱን ጠለቅ ብዬ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፤ ሌሎቹን በአጭሩ እነካቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ከፊደሉ ነው። የኢሜይል ራስጌ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል በጉዳዩ መስመር ላይ እንዲያልፍ በልዩ አጻጻፍ ይታሸጋል። «ሰላም» ብላችሁ የላካችሁት ራስጌው ላይ ከእነዚህ በአንዱ መልክ ታገኙታላችሁ፦

```
Subject: =?UTF-8?B?4Yiw4YiL4Yid?=
Subject: =?UTF-8?Q?=E1=88=B0=E1=88=8B=E1=88=9D?=
```

ሁለቱም ደንቡን ያከብራሉ፤ ሁለቱም ሲከፈቱ «ሰላም» ናቸው። ታሽገው ሲነጻጸሩ ግን አይገናኙም። ይባስ ብሎ አንድ እሽግ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በመጀመሪያው አጻጻፍ አራት ምልክት ይሆናል። የእሽጉ መክፈቻና መዝጊያ 12 ምልክት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ እሽግ ቢበዛ 15 ፊደል ይሸከማል። ከዚያ የረዘመ የአማርኛ ጉዳይ ለሁለት፣ ለሦስት ይከፈላል፤ የት ላይ እንደሚከፈል የሚወስነው ደግሞ የላኪው ፕሮግራም ነው። ዋሽንግተን ያለው አንድ ቦታ፣ አዲስ አበባ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ሊከፍሉት ይችላሉ። ጠንቃቃ ፕሮግራም መጀመሪያ እሽጉን ሁሉ ፈትቶ፣ ከዚያ ነው የሚያነጻጽረው፤ RFC 5256ም ይህንኑ ያዛል። ጥንቃቄ የጎደለው ግን የታሸገውን እንዳለ ያነጻጽራል፤ በእንግሊዝኛ ሲሞከር ምንም ችግር ስለማይታይ ጉድለቱ ሳይታወቅ ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ አንዱን ፊደል ከባይቶቹ መሐል ቆርጦ በሁለት እሽግ ያካፍለዋል፤ ያን ጊዜ በጉዳዩ መሐል ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ታያላችሁ። መለያው ግን በተለምዶ በተራ የላቲን ምልክት ስለሚጻፍ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው።

ሁለተኛው ከአጻጻፋችን ነው። ሰብሳቢዋ «የዓመታዊ ሥራ ዕቅድ» ብላ ጻፈች። አንዱ አባል መልስ የሚለውን ሳይጫን አዲስ መልእክት ከፍቶ ጉዳዩን በእጁ «የአመታዊ ስራ እቅድ» ብሎ ጻፈ። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ዓ እና አ፣ ሥ እና ስ፣ ዕ እና እ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ እኔ እስከማውቀው በሰፊው ሥራ ላይ ካሉት የደብዳቤ ፕሮግራሞች እነዚህን አንድ አድርጎ የሚያነጻጽር አላጋጠመኝም። ይህ መልእክት ወላጁን የሚጠቅስ መስመር የለውም፤ ጉዳዩም አልገጠመም። ከውይይቱ ውጭ ለብቻው ይቀመጣል፤ ኮሚቴው ሐሳቡን ሳያየው ስብሰባው ሊያልፍ ይችላል።

ሌሎቹ ሁለቱ አጭር ናቸው። የሰላምታ ባህላችን ጥሩ ነው፤ ጉዳዩ ላይ «ሰላም» ብቻ ብለን ስንልክ ግን በጉዳይ የሚያስር ፕሮግራም የማይገናኙ ሰዎችን ሊያገናኝ ይችላል። እንዲሁም በጀርመን ያሉ ወገኖቻችን በጀርመንኛ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሲጠቀሙ መልሳቸው «AW:» ብሎ ይጀምራል፣ በስዊድን ያሉት «SV:»። የተለመደው ደንብ የሚቆርጠው «Re:»ን እንጂ እነዚህን አይደለም።

ፕሮግራሞቹ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም፤ ይህን ማወቅ ብዙ ክርክር ያበርዳል። ተንደርበርድ በተለመደው አቀማመጡ መለያዎቹን ብቻ ያምናል። ጂሜይል መለያዎቹን ያያል፣ ጉዳዩም እንዲገጥም ይፈልጋል፤ ስለዚህ መልስ ብላችሁ ጉዳዩን ብትቀይሩ አዲስ ውይይት ይከፍታል። ከመቶ መልእክት ሲያልፍም ውይይቱን ቆርጦ ሌላ ይጀምራል። አውትሉክና ኤክስቼንጅ ደግሞ `Thread-Index` የሚባል የራሳቸው መስመር ይጨምራሉ፤ 22 ባይት ካለው መነሻ ጀምሮ በእያንዳንዱ መልስ 5 ባይት እየተጨመረበት ይሄዳል። እርስ በርሳቸው በደንብ ይግባቡበታል፤ ከእነሱ ውጭ ያለ ፕሮግራም ግን ለማስቀጠል አይገደድም። እንግዲህ አንዲት አባል የቆየ መልእክት ከፍታ፣ መልስ ብላ፣ ጉዳዩን አጥፍታ ስለ ፍጹም ሌላ ነገር ብትጽፍ፣ ጂሜይል ያለው ሰው አዲስ ውይይት ያያል፤ ተንደርበርድ ያለው ደግሞ የለቅሶ ማስታወቂያ በበጀት ውይይት መሐል ገብቶ ያገኘዋል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ደንባቸውን ነው የተከተሉት። አዲስ ነገር ስትጽፉ አዲስ መልእክት ክፈቱ የምለው ለዚህ ነው፤ አድራሻዎቹን ለማግኘት ብቻ መልስ የሚለውን አትጫኑ።

አሁን ደግሞ ሰዎች ሁሉ በትክክል ሠርተው ውይይቱ የሚበታተንበትን፣ በሙያዬ ደጋግሜ ያጋጠመኝን ብልሽት ላንሣ። አንድ ቢሮ ደንበኞቹ ሲመልሱለት መልሶቹ ሁሉ ከላከው ደብዳቤ ተነጥለው እንደሚገቡ ይነግረናል። ደንበኞቹ መልስ የሚለውን ተጭነዋል። ጉዳዩ አልተቀየረም። ራስጌያቸውን ስንከፍት `In-Reply-To` አለ፣ `References` አለ፤ የተጠቀሰው መለያ ግን በቢሮው የተላኩ መልእክቶች ማኅደር ውስጥ የለም። ከየት መጣ?

መልሱ በመንገድ ላይ ነው። የቢሮው ፕሮግራም መልእክቱን ሲያዘጋጅ መለያ ሰጠውና አንዱን ቅጂ ከነመለያው ማኅደሩ ውስጥ አስቀመጠ። ሌላውን ቅጂ ለመላኪያ አገልግሎቱ ሰጠ። አንዳንድ የመላኪያ አገልግሎቶች ግን የመጣላቸውን መለያ አውልቀው የራሳቸውን ያለብሱታል። ደንበኛው ዘንድ የደረሰው አዲሱ ነው፤ የደንበኛው መልስም የሚጠቅሰው አዲሱን ነው። አሮጌውን የሚያውቅ ቢሮው ብቻ ነው። ይህ ብልሽት መሆኑን ለማረጋገጥ ለራሳችሁ በሌላ አገልግሎት ወዳለ አድራሻ አንድ መልእክት ላኩ፤ ከዚያ በተላኩት ማኅደር ያለውንና የደረሰውን ጎን ለጎን ከፍታችሁ `Message-ID` የሚለውን መስመር አነጻጽሩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ምክንያቱን አግኝታችኋል። መድኃኒቱ እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። የመጣውን መለያ እንዲያከብር ማዘዝ የሚቻልባቸው አሉ። ካልተቻለ፣ አገልግሎቱ መልእክቱን ሲቀበል የሰጠውን አዲስ መለያ መልሶ ስለሚነግር፣ ፕሮግራሙ ያንን በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከአሮጌው ጎን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። መልስ ሲመጣ በሁለቱም ይፈልጋል።

የዘር ሐረጉ መርዘምም ራሱን የቻለ ችግር አለው። ውይይቱ በቀጠለ ቁጥር መስመሩ ያድጋል፤ አንድ የራስጌ መስመር ደግሞ ከ998 ምልክት ማለፍ አይችልም። ደንቡ መስመሩን አጥፎ ወደ ቀጣዩ ማስወረድን ስለሚፈቅድ በዚህ ብቻ መቆረጥ የለበትም። ግን የሚቆርጡ ፕሮግራሞች አሉ። መቆረጡ ግድ ከሆነ የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ጥቂት መለያዎች መቅረት የለባቸውም፤ መቀነስ ያለበት ከመሐል ነው። ሥሩ ካለ ውይይቱ ይታወቃል፤ ጫፉ ካለ ወላጁ ይታወቃል። ከፊት የሚቆርጥ ፕሮግራም ግን ሥሩን ስለሚጥል፣ የመሐሉን መልእክቶች የሰረዘ ሰው ዘንድ ውይይቱ ለሁለት ይከፈላል።

በመጨረሻ ከእናንተ መካከል ማሳወቂያ የሚልክ ሥርዓት ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ይሁን የክፍያ ማስታወሻ፣ ስለ አንድ ጉዳይ አምስት ጊዜ የሚላክ ማሳወቂያ ካላችሁ፣ ተቀባዩ አምስቱን በአንድ ውይይት እንዲያያቸው ማድረግ ትችላላችሁ፤ ወላጅ የሚሆነው መልእክት ጭራሽ ተልኮ ባያውቅም። ጊትሃብ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ጥያቄ ወይም ችግር በፕሮጀክቱ ላይ ሲከፈት ከጥያቄው ቁጥር የሚገኝ መለያ ይመደብለታል፤ በዚያ ጥያቄ ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ አስተያየት በኢሜይል ሲላክ ያንን መለያ በ`In-Reply-To` እና በ`References` ይጠቅሳል። ለጥያቄው ዘግይቶ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ማሳወቂያ አግኝቶ አያውቅም። እኛ ቀደም ብለን ያየነው ባዶ መያዣ ግን ቦታውን ይዞለታል፤ አስተያየቶቹ ሁሉ እዚያ ሥር ይሰበሰባሉ።

ለእናንተ ሥርዓት ይህ ማለት፣ ለምሳሌ ለማመልከቻ ቁጥር 4471 `<application-4471@example.org>` የሚል መለያ ወስናችሁ፣ ስለዚያ ማመልከቻ የሚወጣው ማሳወቂያ ሁሉ እሱን እንዲጠቅስ ማድረግ ነው። የየማሳወቂያው የራሱ `Message-ID` ግን በየጊዜው አዲስ ይሁን። በስተቀኝ የምታስቀምጡት ስም ደግሞ በእርግጥ የእናንተ የሆነ ይሁን እንጂ የሰው አትጠቀሙ። ጂሜይል ጉዳዩም እንዲገጥም ስለሚፈልግ «ማመልከቻዎ ደርሶናል»፣ «ማመልከቻዎ ጸድቋል» እያላችሁ ጉዳዩን አትለዋውጡ፤ «ማመልከቻ 4471» ብላችሁ አንድ አጭር ጉዳይ ያዙ፣ ዜናውን ወደ ጽሑፉ አውርዱት። በግዕዝ ፊደል ስትጽፉትም ከ15 ፊደል በታች ከሆነ በአንድ እሽግ ስለሚገባ፣ መቁረጥ የማያውቅ ፕሮግራም እንኳ አያበላሸውም።

ራስጌ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ማያው ላይ ከፍተን አብረን እንየው።